ሞረዱን አስቀምጪ፣ መቀሱን አንሺ

«ለዓምዱ አዘጋጅ፦ በማቻክል የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን በአፈር ሳይንስ ማስተርስ ለመማር ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ እያመለከትኩ ነው። ስለ ራሴ በእንግሊዝኛ ከ500 ቃል ያልበለጠ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። በአማርኛ ጀመርኩትና ከትውልዴ ጀምሮ አሲዳማ አፈርን በኖራ እስከምናክምበት ሥራችን ድረስ ያለውን ሁሉ ስጽፍ አራት ገጽ ሆነ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ አርሜዋለሁ። ወንድሜ የአማርኛ መምህር ስለሆነ እሱም በቀይ እስክሪብቶ ያርምልኛል። ባረምነው ቁጥር ግን ይባስ ይዝረከረካል። ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ረቂቁን አያይዤ ልኬያለሁ፤ ከየትኛው ዓረፍተ ነገር ልጀምር? የቸገራት፣ ከአማኑኤል»

እህቴ፣ ለጊዜው አንዱንም አትንኪ። አራቱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓረፍተ ነገሮችሽ ደህና ናቸው፤ የጠፋባቸው ማደሪያቸው ነው። የአባትሽ ማሳ አንደኛው ገጽ ላይ ይነሣል፣ መሐል ላይ የዩኒቨርሲቲ ውጤትሽ ይገባል፣ ከዚያ ማሳው ሦስተኛው ገጽ ላይ እንደገና ብቅ ይላል። ይህን ከላይ ጀምሮ ማረም ነዶውን ሳይወቁ እህሉን በጥፍር እንደ መፈልፈል ነው። ይቻላል፣ ግን ሦስት ሳምንት አይበቃውም።

በዚህ ነገር እኔም ተቀጥቻለሁ። ወጣት ሳለሁ ለአንድ የሥልጠና ዕድል ሳመለክት ስለ ጮቄ የማለዳ ጉም የሚናገር መክፈቻ ጻፍኩና ሦስት ሌሊት ስሞርደው አደርኩ። ያን ያህል ከለፋሁበት በኋላ ልጥለው ስላልቻልኩ የቀረውን ጽሑፍ ሁሉ ለጉሙ እንዲመች አድርጌ አጣመምኩት። ዕድሉ አመለጠኝ። ከመራጮቹ አንዱ ቆይቶ ሲያገኘኝ «ጉሙ ግሩም ነበር፤ አንተን ግን ውስጡ ፈልገን አጣንህ» አለኝ። ቀድሞ የተወለወለ ዓረፍተ ነገር አደጋው ይኸው ነው፤ ቦታው ባይሆንም ተነሥ ሲሉት አይነሣም። የአንቺም የመጀመሪያ አንቀጽ አሥራ አንድ ጊዜ በመታረሙ ብቻ አንደኛ ቦታውን ይዞ ቀርቷል።

ስለዚህ ረቂቁን አሳትሚው። በስልክሽ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋሽ ይህን ሥራ አትሠሪውም፤ አራቱን ገጽ ባንድ ዓይን ማየት አለብሽ። ከዚያ መቀስ ያዢና እያንዳንዱን ሐሳብ ለብቻው ቁረጪ። እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ወጥመድ አለው። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርሽን ተመልከቺ፦

«ማቻክል ውስጥ ተወልጄ፣ ከአያቴ ጋር አድጌ፣ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ የላይኛውን ማሳ ለባሕር ዛፍ ትቶት፣ እኔም ትምህርቴን ገፍቼ፣ ደብረ ማርቆስ ገብቼ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ፣ በልማት ሠራተኛነት ተቀጥሬ እስካሁን እየሠራሁ እገኛለሁ።»

አራት ነጥቡ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ስምንት ነው። «ተወልጄ፣ አድጌ፣ ገብቼ፣ ተመርቄ» እያለ የሚሄድ ሰንሰለት ለጆሮ ይጥማል፤ ሲወራማ ደግሞ የቋንቋው ወግ ነው። ለልየታ ግን አይመችም፣ ምክንያቱም አንዱን ቀለበት ለይተሽ ወደ ሌላ ክምር ልትወስጂው ስትሞክሪ ሌሎቹ ሰባቱም ተንጠልጥለው ይከተሉሻል። ሰንሰለቱን በጥሺውና እያንዳንዱን በራሱ ማሰሪያ አንቀጽ ዝጊው፦ «ማቻክል ተወለድኩ። ከአያቴ ጋር አደግኩ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ የላይኛውን ማሳ ለባሕር ዛፍ ተወው።» ሲነበብ እንደ ሕፃን ልጅ ጽሑፍ ይሆናል። ይሁን። ወንድምሽ ሲያየው ቅር ይለዋል፤ ለጥቂት ቀን ቅር ይበለው።

መቀሱን ከማንሣትሽ በፊት ግን «ይህም»፣ «በዚያን ጊዜ»፣ «እሳቸውም»፣ «ከላይ እንደገለጽኩት» የሚሉትን ፈልገሽ አክብቢያቸው። እነዚህ ወደ ኋላ የሚጠቁሙ ጣቶች ናቸው፤ ወረቀቱ ከቦታው ሲነሣ ጣቱ ባዶውን ይጠቁማል። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ይህም በጣም አሳዘነኝ» የሚል አለ። ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው ምን እንዳሳዘነሽ እኔም አላውቅም፣ በሁለተኛው ሳምንት አንቺም ትረሺዋለሽ። ስለዚህ «ይህም»ን አጥፊና የነገሩን ስም ተኪበት፦ «ማዳበሪያ ገዝተው የዘሩት ገብስ ሲቀጭጭ ማየቴ አሳዘነኝ» ብለሽ። ሰንሰለቱን ከመበጠስ ሌላ ከመቁረጥሽ በፊት የተፈቀደልሽ እርማት ይህ ብቻ ነው።

እኔ የአንቺን ረቂቅ እንዲህ ስቆርጠው 41 ወረቀት ወጣው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስም መስጠት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱን ሲያዩ ወዲያው «ቤተሰብ»፣ «ትምህርት»፣ «ሥራ» እያሉ መክፈል ይቀናል። ያ የሚለየው ወረቀቱ ስለ ምን እንደሚያወራ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ግን ወረቀቱ የአንባቢውን የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ነው። አመልካቾችን ለመምረጥ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ስለ አንቺ ሊያውቁ የሚፈልጉት አምስት ነገር ነው ብዬ አስባለሁ፦ ምን ችግር አየሽ? በእጅሽ ምን ሞከርሽ? ትምህርቱን የሚሸከም ምን መሠረት አለሽ? ይህን ትምህርት ለምን አሁን ፈለግሽው? ስትመለሺ ምን ትሠሪበታለሽ? በየወረቀቱ ጀርባ ከአምስቱ የአንዱን ቁጥር ጻፊ። አንዱንም የማይመልሰው ላይ ባዶ ክብ አድርጊበትና ለብቻው አኑሪው። ሁለት ጥያቄ ባንድ ጊዜ የሚመልስ ወረቀት ካጋጠመሽ ገና አልተቆረጠም ማለት ነው፣ ወደ መቀሱ መልሺው።

ልዩነቱን በአባትሽ ማሳ እይው። «ቤተሰብ» ብለሽ ብትከፍዪ ኖሮ ማሳው ከአያትሽ ተረትና ከታላቅ እህትሽ ሠርግ ጋር ታጉሮ ይቀር ነበር። በጥያቄ ስትለዪው ግን አባትሽ ገብስ አልበቅል ያለውን የላይኛውን ማሳ ለባሕር ዛፍ መተዋቸው «ምን ችግር አየሽ?» ለሚለው ካሉሽ መልሶች ሁሉ የሚበልጠው ነው። አሲዳማ አፈር ገበሬን ምን እንደሚያደርገው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓሮሽ ነው ያየሽው። የጎጃምን ደጋ የሚያውቅ ሰው ባሕር ዛፉን ሲሰማ ከበስተጀርባው ያለው ተስፋ መቁረጥ ይገባዋል፤ አገሩን ለማያውቀው ደግሞ «ገብስ አልበቅል ስላለ» የምትለዋ ሐረግ ትበቃዋለች።

የእኔ ጠረጴዛ ላይ የወጣው ክምር እንዲህ ነበር። ችግሩን የሚናገሩ 4፣ የሞከርሽውን የሚናገሩ 6፣ ስለ መሠረትሽ 9፣ ለምን አሁን ለሚለው 1፣ ስትመለሺ ለሚለው 5። ባዶ ክብ የተደረገባቸው 16! ከነዚህ ውስጥ 14ቱ ልጅነትሽ ናቸው። እንግዲህ በአሥራ አንድ ዙር እርማት ስትወለውዪ የነበረው በአብዛኛው ማንም ያልጠየቀሽን ነው፤ «ለምን ትምህርቱን ፈለግሽው?» የሚለው ዋናው ጥያቄ ግን በአንዲት ወረቀት ቀርቷል። እሷም «ዕውቀቴን ለማሳደግ ስለምፈልግ» ትላለች፣ ይህን ደግሞ እያንዳንዱ አመልካች ይጽፈዋል። ክምሮቹ ይህን ያሳዩሻል፤ አንቀጹን ስታርሚ ብትውዪ አይታይሽም።

አንድ ክምር ሲሳሳብሽ አዲስ ነገር ለመጻፍ አትሩጪ። መጀመሪያ ሌሎቹን ክምሮች አገላብጪ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው እዚያው በሌላ ልብስ ተቀምጦ ይገኛል። አንቺ ዘንድ እኔ ያገኘሁት ከመሠረትሽ ክምር ውስጥ ነው፣ ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ይቅርታ ተደርጎ የተጻፈ፦ «ይሁን እንጂ ዕውቀቴ ውስን ስለሆነ ኖራው በአንዱ ገበሬ ማሳ ሠርቶ በአጥር ተዋሳኙ ማሳ ያልሠራበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አላውቀውም።»

ጉድለትሽን የተናዘዝሽ መስሎሽ ከውጤትሽ ሥር ደብቀሽዋል። እኔ ግን ሳነበው ከወንበሬ ተነሣሁ። ማስተርስ ለምን እንዳስፈለገሽ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም! አንድ ዓይነት ኖራ፣ አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት ዝናብ፣ ሁለት ተጎራባች ማሳ፣ ሁለት የተለያየ ውጤት። አፈር የሚያውቅ መራጭ ይህን ሲያነብ ጥያቄዎች ወዲያው ይደረደሩለታል፤ የአሲዱ መጠን ተለክቶ ነበር ወይ፣ ኖራው በሄክታር ስንት ኩንታል ተጨመረ፣ በደንብ ተፈጭቷል ወይ፣ ከዘር ስንት ጊዜ አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ተቀላቀለ ይላል። እያሰበ ሳለ አብሮሽ መሥራት ጀምሯል። ወረቀቷን ከሦስተኛው ክምር አንሥተሽ አራተኛው ላይ አድርጊያት፤ «ዕውቀቴ ውስን ስለሆነ» የሚለውን ቅጥያ ቆርጠሽ ጣዪ፣ «ዕውቀቴን ለማሳደግ» የምትለዋንም አብረሽ።

በተቃራኒው «ፎስፈረስ በአሲዳማ አፈር ውስጥ በብረትና በአሉሚኒየም ስለሚያዝ ሰብሉ አያገኘውም» የሚሉ ሁለት ወረቀቶች መሠረትሽ ውስጥ አሉ። ትክክል ነሽ። ግን ይህን የሚያነቡት የአፈር ሳይንስ መምህራን ናቸው፣ ለቄስ «አቡነ ዘበሰማያት» አታስተምሪ። ያው ዕውቀት ከገበሬው ጋር ያወራሽበት ወረቀት ላይ ቢገባ ግን ሌላ ነው። «ማዳበሪያውን መሬቱ በላብን» ሲሉሽ ምን ብለሽ እንዳስረዳሻቸው የጻፍሽው አለ፤ እሱ ዕውቀትሽንም ሥራሽንም ባንዴ ያሳያል። ቁጥር 2 ስጪው።

አሁን ቅደም ተከተሉ። ሁላችንም ከትውልድ መጀመር ይቀናናል፣ ሰው ሲያስተዋውቁን እንኳ የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው ተብለን ነው። ለዚህ ጽሑፍ ግን የምመክርሽ ከችግሩ እንድትጀምሪ ነው፦ የአባትሽ ማሳ፣ ቀጥሎ የሞከርሽው፣ ቀጥሎ ያልገባሽ ነገር፣ ከዚያ መሠረትሽ፣ መጨረሻ ላይ መመለስሽ። አራተኛውን ከሦስተኛው እንዳስቀደምኩ አስተዋልሽ? ሁለቱ ማሳዎች የሞከርሽውን ነገር እግር በእግር ስለሚከተሉ ነው፤ መሐል ላይ የትምህርት ውጤት ቢገባ ክሩ ይበጠሳል። በየክፍሉ ውስጥ ግን የጊዜውን ቅደም ተከተል ጠብቂ፣ እዚያ መራቀቅ አያስፈልግም። ቅጹ ራሱ ጥያቄዎቹን በተራ ዘርዝሮ ከሆነ ደግሞ የእኔን ተራ ተዪና የእነሱን ተከተዪ፤ መራጩ ነጥብ የሚሰጠው በዚያ ተራ ነው።

ተራው መያዙን የምትፈትኚው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ክምር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ እንደ «የሥራ ልምድ» ያለ አርእስት አይሆንም፣ ግስ ያለው ይሁን። ለምሳሌ የሁለተኛው «ኖራን በሁለት ገበሬዎች ማሳ ሞከርኩ» ሊሆን ይችላል። አምስቱን ቡና ላይ ሥራሽን ለማያውቅ ሰው አንብቢ። ከሁለተኛው በኋላ ቁሚና «ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሻል?» ብለሽ ጠይቂ። «እሺ፣ ሠራ ወይስ አልሠራም?» ካለችሽ ተራው ይዟል። «እኔ እንጃ» ብላ ስኒዋን ካነሣች አልያዘም። ሌላም ፈተና አለ፦ ሁለት ክፍሎችን ቦታ አለዋውጪያቸው። ተለዋውጠውም ምንም ካልተበላሸ ገና አልተያያዙም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ቦታ ማከፋፈል ይመጣል። 500 ቃል የተባለው በእንግሊዝኛ መሆኑን አትርሺ። አማርኛ አንድ ቃል ውስጥ ብዙ ያጭቃል፤ «አልነገርኳቸውም» ያልሽው በእንግሊዝኛ «አይ ዲድ ኖት ቴል ዜም» ነው፣ አምስት ቃል። ስለዚህ በአማርኛ 500 ቃል ሞልቶልኝ ልክ ነው ብትዪ ስትተረጉሚው ይገነፍላል። እኔ ብሆን አማርኛውን ከ300 ብዙም አላሳልፈውም። ለየክፍሉ በእንግሊዝኛው ልክ ይህን ያህል እመድባለሁ፦ ለችግሩ 90፣ ለሙከራው 150፣ ለምን አሁን ለሚለው 120፣ ለመሠረትሽ 70፣ ለመመለስሽ 70። ድልድሉ የሚጠቅምሽ ሌላ ሳይሆን አያትሽን ይዘሽ እንዳትገቢ ነው። የአያትሽ ወረቀቶች ያምራሉ፣ በተለይ ማታ ማታ አፈር በጣታቸው እያሹ የሚያሸቱበት። ግን ለልጅነት የተመደበ ቃል የለም። ያቺ አንዷ የግድ ትግባ ካልሽ ችግሩ ውስጥ ከ90ዎቹ ላይ ቦታ ከፍላ ትግባ፣ ያኔም የአባትሽን ማሳ መግፋት የለባትም።

ትርጉምም ማሳመር ነው፤ ክምሮቹ ተራ ሳይዙ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ወደ እንግሊዝኛ እንዳትወስጂ። ገና ሊጣል የሚችል ወረቀት ላይ ትክክለኛውን የእንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ ማምሸት ድካሙን ይጨምራል፣ ከዚያ እንደ እኔ ጉም ልትጥዪው ታሳሽዋለሽ።

ጊዜሽን በተመለከተ፣ መቁረጡና ቁጥር መስጠቱ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። በማግስቱ አትንኪው። ሰኞ ማታ ቁጥሮቹን ሳታዪ ወረቀቶቹን እንደገና አንብቢና በልብሽ ቁጥር ስጪ፤ ከጀርባው ካለው ጋር የማይገጥም ካገኘሽ ያ ወረቀት ሁለት ሐሳብ ይዟል ወይም ቦታው ሌላ ነው። ይህን ያለፉትን በተራቸው ነጭ ወረቀት ላይ ለጥፊያቸው። በሚቀጥለው ቀን በኮምፒውተር እንደ አዲስ ጻፊው፣ ከአሮጌው ፋይል ላይ እየቀዳሽ አይደለም። አሮጌውን ቀን ጽፈሽበት አስቀምጪው፤ መክፈት ግን የለም፣ ከከፈትሽው አንደኛው አንቀጽ ይጠራሻል።

ባዶ ክብ ያለባቸውን 16 ወረቀቶች አትጣያቸው፣ ፖስታ ውስጥ አድርጊያቸው። ለቃለ መጠይቅ ከተጠራሽ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ማለታቸው አይቀርም፣ ያኔ አያትሽ ይጠቅሙሻል።

ወንድምሽን ግን ቅዳሜ ጥሪው፤ ቀይ እስክሪብቶውን ቤት ትቶ ይምጣና መቀሱን እሱ ይያዝ። የአማርኛ መምህር ነውና «ተወልጄ፣ አድጌ» የሚለው ሰንሰለት የት ላይ መበጠስ እንዳለበት ከአንቺ ቀድሞ ይታየዋል።